እውነት ወይስ ተረት? «መልእክቱ ከገባ ብሩ ገብቷል»

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ልኬልሃለሁ፣ እየው» የማይባልበት ሱቅ የለም ማለት ይቻላል። ባለሱቁ ስልኩ ሲጮህ መልእክቱን አየት አድርጎ ዕቃውን ያስረክባል። አጭበርባሪው የሚጠብቀው ይህችን አፍታ ነው።

ተረት፦ መልእክቱ ከገባ ብሩ ገብቷል።

እውነቱ፦ አጭር የጽሑፍ መልእክት ማንም ሰው ጽፎ ሊልከው ይችላል። ትክክለኛው የቴሌብር መልእክት የሚመጣው 127 ከሚል ላኪ ነው። አጭበርባሪው አንድ የቆየ እውነተኛ መልእክት ይገለብጥና ስሙንና የብሩን መጠን ቀይሮ ከራሱ ስልክ ይልካል። ሥራ የበዛበት ሰው ዓይኑ ብሩ ላይ ስለሚያርፍ ከላይ ያለውን የላኪ ቁጥር ሳያነብ ያልፋል። የላኪን ስም አስመስሎ መላክም ስለሚቻል፣ «127 ይላል» ብሎ መተማመንም አይበቃም።

እንበልና ዘይት ቸርቻሪ ነዎት፤ ቀሪ ሂሳብዎ 3,240 ብር ነው። አንድ ገዢ የ4,500 ብር ዕቃ አስጭኖ «ልኬያለሁ» ሲል ስልክዎ ላይ «4,500 ብር ተቀብለዋል፤ ቀሪ ሂሳብዎ 6,180 ብር ነው» የሚል መልእክት ይገባል። ይደምሩት። 3,240 እና 4,500 የሚሰጠው 7,740 ነው። አጭበርባሪው ቀድሞ ስንት ብር እንደነበረዎት ስለማያውቅ 6,180ን በግምት ጽፎታል። ጠንቃቃው ደግሞ ቀሪ ሂሳብ የሚለውን ጭራሽ ይተወዋል።

ድምሩ ልክ ቢሆን እንኳ ዕቃውን ከማስረከብዎ በፊት መተግበሪያውን ራስዎ ይክፈቱ፤ ወይም *127# ደውለው ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ። ብሩ እዚያ ከሌለ አልገባም። ገዢው በራሱ ስልክ የሚያሳይዎት ስክሪንሾትም ከዚህ አይበልጥም፤ ምስል በደቂቃ ይቀየራል። «ኔትወርኩ ነው፣ አሁን ይገባል» ካለ ዕቃው ብሩ እስኪገባ ይቆይ። ይህን ማለት ደንበኛን መጠራጠር ስለሚመስል ብዙ ሰው ያፍራል። እኔ ግን ሊታፈርበት የሚገባ ነገር አይታየኝም፤ የሚከፍል ሰው ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ አይቀየምም።

ተረት፦ በስህተት የተላከልኝን ብር ወዲያው መመለስ አለብኝ።

እውነቱ፦ ይህ ማታለያ የሰውን ደግነት መያዣ ስለሚያደርግ ከሁሉም ይበልጥ ያሳዝነኛል። መጀመሪያ «2,000 ብር ተቀብለዋል» የሚል ሐሰተኛ መልእክት ይገባል። ቀጥሎ ስልክ ይደወላል፦ «እማማ፣ ለእናቴ መታከሚያ ልልክ ስል ተሳስቼ ነው፤ በእግዜር ይዤዎታለሁ!» የሰው ገንዘብ የማይነኩት እናት ከራሳቸው ሂሳብ 2,000 ብር ይልካሉ። የገባ ነገር ግን አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀሪ ሂሳብዎን ይመልከቱ። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ከሆነም ደዋዩ ወደሚሰጥዎት ቁጥር አይላኩ፤ ወደ 127 ይደውል፣ እርስዎም ደውለው ያሳውቁ፤ ስህተቱ በድርጅቱ በኩል ይስተካከል።

ተረት፦ ወኪሉ የሚያውቀኝ ሰው ስለሆነ ፒኔን ቢያውቀው ችግር የለውም።

እውነቱ፦ ወኪሉ ሊመዘግብዎት ይችላል፤ ባለ ስድስት አኃዙን ፒን የሚያወጡትና የሚያስገቡት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። ወኪሉ ያወጣልዎት ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩት። 123456፣ የስልክዎ የመጨረሻ ስድስት አኃዞች ወይም የልደትዎ ቀን አይሁን። «ልደቴን በእኛ አቆጣጠር ነው ያስገባሁት» የሚሉ አሉ፤ መታወቂያዎን ያየ ሰው ግን እሱንም ያውቀዋል። ብር ለመቀበል ፒን አያስፈልግም። «ሽልማት ደርሶሃል፣ እንዲገባልህ ፒንህን ንገረኝ» ያለ ሰው ሌባ ነው። በመልእክት የሚላክልዎትን የማረጋገጫ ኮድ የሚጠይቅም እንደዚሁ ነው፤ በዚያ ኮድ የእርስዎን ሂሳብ በሌላ ስልክ ላይ ሊከፍት ይሞክራል።

ተረት፦ አዲሱ መተግበሪያ በቴሌግራም ስለተላከልኝ ከዚያው ልጫነው።

እውነቱ፦ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ ይጫኑ፤ ከመጫንዎ በፊትም የአሳታሚውን ስም ያንብቡ። በቴሌግራም የሚዞር፣ ስሙ በ.apk የሚያልቅ ፋይል አርማው አንድ ዓይነት ቢሆንም ሌላ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሲጫን መልእክቶችዎን ለማንበብ ፈቃድ ከጠየቀና ከፈቀዱለት፣ የማረጋገጫ ኮድዎ ለእርስዎ ሲደርስ ፋይሉን ለላከው ሰውም ይደርሰዋል።

ፒንዎን ወይም ኮድዎን ለሰው ሰጥተው ከሆነ መጀመሪያ ፒኑን ይቀይሩ። ከዚያ ሳይውሉ ሳያድሩ ለቴሌብር በ127፣ የሰጡት የንግድ ባንክ ሂሳብዎን ከሆነ ደግሞ በ951 ደውለው ሂሳብዎ እንዲታገድ ይጠይቁ። የግብይት ቁጥሩ ያለበትን መልእክት አያጥፉት፤ ድርጅቱም ፖሊስም የሚጠይቁዎት እሱን ነው።