ከፎቅ የወደቁ ድመቶችና ያልተጻፈው ዓረፍተ ነገር

እ.ኤ.አ. በ1987 በኒውዮርክ የሚሠሩ የእንስሳት ሐኪሞች ከፎቅ ወድቀው ለሕክምና የመጡ 132 ድመቶችን የሚመለከት ጥናት አሳተሙ። ከታከሙት መካከል 90 በመቶው ተርፈዋል። ይበልጥ ያስገረመው ግን ከሰባተኛ ፎቅ በላይ የወደቁት ጉዳታቸው ቀለል ብሎ መገኘቱ ነው።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በአፕቲትዩድ ፈተና በሚያውቁት መልክ ሲጻፍ ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ «ለሕክምና ከመጡት ድመቶች ከሰባተኛ ፎቅ በላይ የወደቁት ጉዳታቸው ያነሰ ነው። ስለዚህ ለድመት ከከፍተኛ ፎቅ መውደቅ ከዝቅተኛው ይሻላል።»

ልምድ ያለው ተፈታኝ መጀመሪያ ድምዳሜውን ይፈልጋል፤ እዚህ «ስለዚህ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ነው። ከዚያ ማስረጃውና ድምዳሜው የሚናገሩት ስለ ማን እንደሆነ ያስተያያል። ማስረጃው የሚያወራው ሐኪም ዘንድ ስለደረሱ ድመቶች ነው። ድምዳሜው ግን ስለወደቁ ድመቶች ሁሉ ይናገራል። በመሐል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ያልተጻፈ ሐሳብ «ከላይም ከታችም የወደቁት ሐኪም ዘንድ የመድረስ ዕድላቸው ተቀራራቢ ነው» የሚል ነው።

ሐሳቡ ትክክለኛው መሆኑን ለማወቅ ገልብጦ ማየት ይበቃል። «ከላይ ከወደቁት ብዙዎቹ እዚያው ሞተው ስለሚቀሩ ሐኪም ዘንድ አይደርሱም» ሲባል ድምዳሜው መቆሚያ ያጣል። በአንጻሩ «ድመት ሁልጊዜ በእግሯ ታርፋለች» የሚለው ምርጫ ያማልላል፤ ሆኖም «አንዳንዴ በጎኗ ታርፋለች» ተብሎ ቢገለበጥ ድምዳሜው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ክርክሩ የተደገፈበት ሐሳብ እሱ አይደለም።

«ክርክሩን ይበልጥ የሚያዳክመው የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅም ፍለጋው እዚያው ክፍተት ላይ ነው። ሦስት ምርጫዎች ቀረቡ እንበል፦

ሀ. አንዳንድ ድመቶች ከሁለተኛ ፎቅ ወድቀው ምንም አልሆኑም።
ለ. ባለቤቶች የሞተች ድመት ወደ ሐኪም አይወስዱም፤ ከላይ ከወደቁት ደግሞ የሚሞቱት ይበዛሉ።
ሐ. ድመት በአየር ላይ ፍጥነቷ መጨመር ሲያቆም ሰውነቷን ዘና ታደርጋለች።

«ሀ» ብዙዎችን ያሳስታል። ድምዳሜው ግን በአብዛኛው ስለሚሆነው ነገር ስለሚናገር «አንዳንድ» የተባሉት አይነኩትም። «ሐ» ጭራሽ ክርክሩን ያግዛል፤ አጥኚዎቹም ያቀረቡት ማብራሪያ ከዚሁ ጋር ይቀራረባል። መልሱ «ለ» ነው።

እዚህ ላይ ተፈታኞች የሚሳሳቱበት ሌላም ነገር አለ። «ለ» ከከፍተኛ ፎቅ መውደቅ የባሰ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ስላላረጋገጠም ብቻ የሚጥሉት አሉ። የተጠየቀው ግን ክርክሩን የሚያዳክመው እንጂ የሚያፈርሰው አይደለም። የሰውነት መዝናናቱ ማብራሪያ አሁንም እውነት ሊሆን ይችላል። ያን ለመለየት በየፎቁ የወደቁት ሁሉ፣ መንገድ ላይ የሞቱትም ጭምር፣ መቆጠር አለባቸው፤ የሕክምና መዝገብ ደግሞ የሚይዘው የመጡትን ብቻ ነው።