ከመቅኔ የሚነሳ የቀይ የደም ሕዋሳት መብዛት

አንድ የ55 ዓመት ሰው እናስብ። ገላውን በሙቅ ውሃ ታጥቦ በወጣ ቁጥር ሰውነቱን ያሳክከዋል፤ ሽፍታ ግን የለም። ሳሙና ቢቀይርም ያው ነው። ፊቱ ደም መስሏል፣ ራሱንም ያመዋል። ለሌላ ጉዳይ የደም ምርመራ ሲያደርግ ሄማቶክሪቱ፣ ማለትም ቀይ ሕዋሳት በደሙ ውስጥ የያዙት ድርሻ፣ 56 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በወንድ ከ49 ካለፈ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው «ከፍታው ነው» ማለት ይቀላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠን ከቆላ ሰው ብዙም እንደማይርቅ አሳይቷል። ስለዚህ ለ56 በመቶ ከፍታ በቂ ማብራሪያ አይሆንም።

ሲጋራ ወይም የሳንባ ሕመም ኦክስጅን ሲያሳንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖየቲን የተባለውን ሆርሞን ይጨምራል፤ መቅኔም ታዝዞ ያመርታል። በሰውየው ደም ግን ሆርሞኑ ዝቅተኛ ነው። መቅኔው ሳይታዘዝ እያመረተ ነው ማለት ነው። ይህ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ነው። ከመቶ ሕሙማን በ95ቱ ገደማ ላይ ጃክ-2 በተባለው ዘረመል ላይ ለውጥ ይገኛል። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ ከወላጅ አይወረስም፤ በሕይወት ሂደት በአንድ የመቅኔ ሕዋስ ላይ ተነስቶ ይራባል። በአንዳንዱ ሰው ፕላትሌትን ያበዛል፣ በሌላው መቅኔውን በጠባሳ ይሞላዋል፤ እነዚህም የፖሊሳይቴሚያ ቬራ የቅርብ ዘመድ ሕመሞች ናቸው።

የሚያሰጋው ደሙ ወፍሮ መርጋቱ ነው። የረጋው ደም አንጎል፣ ልብ ወይም እግር ላይ ይገኛል። አንዳንዴ የጉበትን ደም መላሽ ሥር ይዘጋና ሆድ በውሃ ያብጣል። እዚህ ላይ ወጥመድ አለ፦ ጣፊያ ሲያብጥ የደሙ ፈሳሽ ክፍል ስለሚበዛ ሄማቶክሪቱ ደህና ሊመስል ይችላል። የጉበቱ ሥር ያለ ምክንያት የተዘጋ ሰው ቁጥሩ ደህና ቢሆንም የጃክ-2 ምርመራ ያስፈልገዋል።

ሕክምናው ደም መቅዳት ነው፤ ልክ እንደ ደም ልገሳ በአንድ ጊዜ 450 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ሄማቶክሪቱ ከ45 በታች እስኪወርድ። ጣሊያን ውስጥ በ365 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከ45 እስከ 50 በተተዉት ላይ ከባድ የደም መርጋትና የልብና የደም ሥር ሞት አራት እጥፍ ገደማ መድረሱን አሳይቷል። (ዋግምት ከዚህ ጋር አይምታታ፤ የሚያወጣው ጥቂት ነው፣ መጠኑም አይታወቅም።) ብዙዎች በቀን አነስተኛ አስፒሪን ይጨመርላቸዋል፤ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ወይም ደማቸው ረግቶ የሚያውቅ ደግሞ እንደ ሃይድሮክሲዩሪያ ያለ መቅኔን የሚገታ መድኃኒት ይወስዳሉ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሰውየው ብረት ዝቅ ይላል። ይህ የታሰበበት ነው፤ ብረት ያጣ መቅኔ እንደ ልቡ አያመርትም። ታሪኩን የማያውቅ ሌላ ክሊኒክ የብረቱን ምርመራ ውጤት አይቶ የብረት ክኒን ካዘዘለት ግን ሄማቶክሪቱ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይወጣል።