ድመቷ ከመግባቷ በፊት

ተከራይ ድመት ለማሳደግ ፈቃድ ሲጠይቅ የሚሰጠው ቃል አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ንጽሕናዋን እጠብቃለሁ፣ የተበላሸ ነገር ካለም አሠራለሁ።» አከራይ ይህን ሰምቶ የሚያመነታው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ማን ያጸዳል? በስንት ቀን? የተበላሸውስ እስከ መቼ ይሠራል? ቃሉ ለእነዚህ መልስ የለውም።

አዲስ አበባ ውስጥ ከአከራይዋ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖር፣ ሰርቪስ ቤት የተከራየች ወጣት አለች እንበል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ አከራይዋ ደግሞ ጫጩት ያረባሉ። እንግዲህ የሴትዮዋ ስጋት ሦስት ነው፦ ሽታ፣ ጭረትና ጫጩት።

ከሁሉ የሚከብደው ሽታው ነው። ድመት በተፈጥሮዋ ቆሻሻዋን ስለምትቀብር፣ ዝርግ ሳፋ ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም ሰጋቱራ ቢደረግላት ቶሎ ትለምዳለች። ኩሱ በየቀኑ ይነሳል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ አሸዋው በሙሉ ተደፍቶ ሳፋው በሳሙና ይታጠባል። «በየቀኑ» የሚባለው ለሽታ ብቻ አይደለም። አንዳንድ ድመቶች ከሰገራቸው ጋር የሚያወጡት ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተውሳክ የነፍሰ ጡርን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ተውሳኩ ሰው ላይ የመተላለፍ አቅም የሚያገኘው ግን ከወጣ ከአንድ እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሳይውል ሳያድር የሚያጸዳ ሰው አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ግቢው ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ማጽዳቱ የእሷ ሥራ መሆን የለበትም።

ወለል ላይ የፈሰሰን ሽንት በበረኪና ማጠብ ግን ስሕተት ነው። በረኪናው ከሽንቱ አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። በሳሙና አጥቦ፣ ከዚያ በውሃ የቀጠነ አቼቶ ማፍሰስ ይሻላል። ድመቱ ወንድ ከሆነና ካልተኮላሸ ግን ግድግዳና በር ላይ ሽንቱን እየረጨ ክልሉን ስለሚያመለክት፣ የትኛውም እጥበት አይበቃውም። በአምስትና በስድስት ወሩ ገደማ የእንስሳት ሐኪም ቢያኮላሸው ይህ ልማድ አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም።

ጭረትን በቁጣ ማስቆም አይቻልም፤ ድመት ጥፍሯን የምትስለው ተንጠራርታ ነው። የቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት፣ ቁመቱ ከ80 ሴንቲ ሜትር የማያንስና የማይነቃነቅ እንጨት በሩ አጠገብ ቢቆምላት በሩን ትተዋለች። ድመቷ ከመግባቷ በፊት የበሩ፣ የመጋረጃውና የግድግዳው ፎቶ ይነሳ። ያለ ፎቶ አሮጌው ጭረት ከአዲሱ አይለይም፤ ጠቡም የሚነሳው ከዚያ ነው።

ስለ ጫጩቱ ሕጉ ግልጽ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት ቢያመልጠው እንኳ፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ስለዚህ ወጣቷ ካሳ እከፍላለሁ ስትል ችሮታ እያደረገች አይደለም፤ ያለባትን ግዴታ አስቀድማ እያመነች ነው።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይጻፋል፦

«እትዬ፣ አንዲት ሴት ድመት በክፍሌ ውስጥ ለማሳደግ ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ድመቷ ሰባት ወሯ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች፣ እንዳትወልድም ሐኪም ቀዶ ሕክምና አድርጎላታል። አሸዋዋን በየማታው አጸዳለሁ፤ ቆሻሻውን በፌስታል አስሬ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች እሰጣለሁ እንጂ ሽንት ቤት አልጥልም። በር ወይም መጋረጃ ብትቧጭር፣ ካሳዩኝ ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ በራሴ ወጪ አሠራለሁ። ጫጩት ብትበላ የገበያ ዋጋውን እከፍላለሁ። ለሁለት ወር ይሞክሩን፤ ካልተስማማዎት ድመቷን እህቴ ጋር እወስዳለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ለአከራይዋ መውጫ በር ይከፍታል፤ ዛሬ እሺ ማለት ለዘለዓለም መታሰር አይሆንባቸውም። አከራይዋ ግቢው ውስጥ የአይጥ መርዝ ያስቀምጡ እንደሆነም መጠየቅ ይገባል፤ የተመረዘች አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች።

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ስለዚህ የድመቷ ስምምነት በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ በሁለቱም ተፈርሞ፣ ከፎቶዎቹ ጋር ከውሉ ጎን ይቀመጥ። አከራይ እንቢ ካሉ ደግሞ ድመቷን ደብቆ ማስገባት ቤቱንም ድመቷንም ሊያሳጣ ይችላል። ፈቃዱን መጀመሪያ ይጠይቁ፣ ድመቷን በኋላ ያምጡ።