ከንፈሩ ሳይደፈን ቀለሙን መለወጥ

በፎቶ ላይ የተቀየረ ሊፕስቲክ ከሩቅ የሚያስታውቀው ቀለሙ መጥፎ ስለሆነ አይደለም፤ ከንፈሩ ላይ የነበረው ሁሉ ስለጠፋ ነው። ከንፈርን ቀረብ ብለው ሲያዩት ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ታችኛው ከንፈር መሀል ላይ ብርሃን ያረፈበት ነጭ ነጸብራቅ አለ። ወደ አፍ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ይሳሳል፣ ማዕዘኖቹ ጋ ደግሞ ይጠቁራል። ፎቶሾፕ ከፍቶ በብራሽ ቀይ የቀባ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ወጥ ቀለም ይደፍነዋል። ኦፓሲቲውን ቢቀንሰውም አይድንም፤ ያው ድፍን ቀለም ሳሳ ብሎ ከንፈሩን እንደ ጭጋግ ይሸፍነዋል።

መፍትሔው ብሌንድ ሞድ ነው። ይህ የላይኛው ሌየር ከታችኛው ጋር በምን ስሌት እንደሚዋሃድ የሚወስን ምርጫ ነው። ዝርዝሩ ረጅም ቢሆንም ለከንፈርና ለዓይን ቆብ ሥራ በደንብ መታወቅ ያለባቸው Color እና Multiply ናቸው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ሙሽራዋ ፎቶ የተነሳችው ሮዝ ሊፕስቲክ ተቀብታ ነው፤ አሁን ግን ለአልበሙ ከቀሚሷ ጥለት ጋር የሚሄድ ጠቆር ያለ የወይን ጠጅ ቀለም ፈልጋለች። በኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱ የፎቶ ነጥብ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑን ከ0 እስከ 255 በሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች ይይዛል። የሙሽራዋ ከንፈር በአማካይ 200፣ 90፣ 110 ነው እንበል። የተፈለገው ወይን ጠጅ ደግሞ 110፣ 20፣ 45 ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው Color የተባለውን ሞድ ነው፤ ስሙም ይጋብዛል። ይህ ሞድ የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ከላይኛው ሌየር ይወስዳል፤ የብርሃኑን መጠን ግን እንዳለ ከታችኛው ያስቀራል። መስመሮቹና ጥላዎቹ ሳይነኩ የሚቆዩትም ለዚህ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሮዙ ከንፈር ብሩህነቱ ወደ 125 ገደማ ሲሆን ወይን ጠጁ 50 አካባቢ ነው። Color ወይን ጠጁን ወደ ከንፈሩ ብሩህነት ከፍ ያደርገውና ውጤቱ 185፣ 95፣ 120 ይሆናል። ይህ ወይን ጠጅ አይደለም፤ ትንሽ የደበዘዘ ሌላ ሮዝ ነው። ባለሙያው ቀለሙ አልያዘለትም ብሎ ይበልጥ ጥቁር ወይን ጠጅ ቢመርጥም ከንፈሩ አይጠቁርም፤ ይህ ሞድ ማጥቆር አይችልምና።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው Multiply ነው። ሁለት ባለቀለም ላስቲኮችን ደራርቦ በብርሃን ፊት መያዝ ማለት ነው፤ ብርሃኑ በሁለቱም ስለሚያልፍ ውጤቱ ሁልጊዜ ይጠቁራል። በስሌት ደረጃ ሁለቱ ቁጥሮች ይባዙና ለ255 ይካፈላሉ። ከላይ ያሉት ሁለት ቀለሞች ሲባዙ ወደ 86፣ 7፣ 19 ይወርዳሉ፤ ይህ ከተፈለገው በላይ የጠቆረ ነው። ኦፓሲቲው 60 በመቶ ላይ ሲሆን ግን ወደ 132፣ 40፣ 56 ይመጣል። ይህ እውነተኛ ወይን ጠጅ ሊፕስቲክ ስስ ተደርጎ ሲቀባ የሚሰጠው ቀለም ነው። መስመሮቹም አልጠፉም፤ በፊት ጠቆር ያለው ቦታ አሁንም ከጎረቤቱ ይልቅ የጠቆረ ነው።

በብራሽ ከመቀባት ይልቅ ከንፈሩን በሌሶ ወይም በፔን መርጦ Solid Color የሚለውን ሌየር መክፈት ይሻላል። ምርጫው በራሱ ማስክ ሆኖ ይገባል፤ ሙሽራዋ ቆይታ ሐሳቧን ብትለውጥ ደግሞ የሌየሩን ትንሽዬ የቀለም ምስል ሁለቴ ጠቅ አድርጎ ሌላ ቀለም መስጠት ብቻ ነው።

እስካሁን የሠራነው ግን አንድ ነገር አበላሽቷል። መሀል ላይ የነበረው ነጸብራቅ 250፣ 240፣ 240 ከነበረ አሁን 165፣ 107፣ 121 ሆኗል። ነጩ ብርሃን የሞተ ሮዝ ሆነ ማለት ነው። በእውነተኛ ከንፈር ላይ ነጸብራቁ የሊፕስቲኩን ቀለም አይይዝም፤ ከላይኛው ለስላሳ ገጽ ተንጸባርቆ የሚመጣ የመብራቱ ወይም የፀሐይዋ ብርሃን ነው። በእኔ እይታ ከንፈር የተቀባ ሥዕል እንዲመስል ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ይህ ነው፤ ጠርዙን በጥንቃቄ የሠሩ ሰዎች እንኳ እዚህ ላይ ይያዛሉ።

የሚስተካከለው ከሌየሩ ስም ጎን ባዶ ቦታ ላይ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉ በሚከፈተው መስኮት ግርጌ ባለው Blend If ነው። Underlying Layer ከተባለው መስመር በስተቀኝ ያለውን ነጭ ሦስት ማዕዘን Alt ተጭነው ሲጎትቱት ለሁለት ይከፈላል። ግራውን ግማሽ 170 ላይ፣ ቀኙን 230 ላይ ማቆም ለዚህ ፎቶ ይበቃል። ከ170 በታች ያለው ከንፈር ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ይቀበላል፤ ከ230 በላይ ያለው ነጸብራቅ አይነካም፤ መሀሉ ቀስ በቀስ ይሸጋገራል። ሦስት ማዕዘኑ ሳይከፈል ቢጎተት ግን ነጸብራቁ ዙሪያ በመቀስ የተቆረጠ የሚመስል ጠርዝ ይወጣል።

ማስኩም ልክ እንደ ከንፈሩ መለስለስ አለበት። ከንፈሩ በፎቶው ላይ 400 ፒክስል ያህል ስፋት ካለው ማስኩን በ Gaussian Blur ከ2 እስከ 3 ፒክስል ማደብዘዝ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ቀለሙ ወደ ቆዳው ይፈሳል። ሁለቱ ከንፈሮች የሚገናኙበትን እርጥብ ክፍል ደግሞ ማስኩ ላይ በለስላሳ ጥቁር ብራሽ፣ ኦፓሲቲው ዝቅ ብሎ፣ ትንሽ መሸርሸር ያስፈልጋል። ሊፕስቲክ እዚያ ቦታ ላይ አይቆይም። ጥርስ የሚታይ ከሆነ ሮዝ ቅሪት እንዳይኖርበት አጉልቶ ማየት ግድ ነው።

ሥራው መያዙን ለማወቅ ከሁሉም በላይ አዲስ ሌየር ከፍቶ ጥቁር መሙላትና ሞዱን Color ማድረግ ነው። ፎቶው ለጊዜው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቀለሙ ዓይንን ማታለሉን ሲያቆም ከንፈሩ መስመርና ነጸብራቅ ያለው ሥጋ ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው፤ አንድ ወጥ ግራጫ ከሆነ ግን ኦፓሲቲው በዝቷል። ካዩ በኋላ ሌየሩን መሰረዝ ነው።

አይሼዶ ላይ ችግሩ ይገለበጣል። ጠይም ቆዳ ላይ ፈዛዛ ሰማያዊ ተፈለገ እንበል፤ የዓይኑ ቆብ 120፣ 78፣ 60፣ ሰማያዊው 150፣ 190፣ 230 ነው። በ Color ሲሠራ የቆዳው ብሩህነት ስለሚገዛው ወደ 56፣ 96፣ 136 ይወርድና ጠቆር ያለ ብረት መሳይ ሰማያዊ ይሆናል። Multiply ደግሞ ጭራሽ ያጠቁረዋል። ሜካፕ የምትሠራ ሴት ጠይም ቆብ ላይ ፈዛዛ ቀለም ከማድረጓ በፊት ነጣ ያለ መደብ ትቀባለች፤ እዚህም እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ቆቡ ላይ ብቻ በ Curves ብርሃኑን መጠነኛ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ በላዩ ሰማያዊውን በ Color ከ50 እስከ 60 በመቶ ማስቀመጥ። ማስኩ ሽፋሽፍቱ ሥር ሙሉ ሆኖ ወደ ቅንድቡ እየሳሳ እንዲሄድ በለስላሳ ብራሽ፣ ፍሰቱን 10 በመቶ አካባቢ አድርጎ ደጋግሞ ማለፍ ነው።

ፊቷ ላይ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ከመጣ ሁለቱን ዓይኖች እኩል ማድመቅ ስህተት ነው፤ በጥላው በኩል ያለው ቆብ ከሌላኛው ያነሰ ብርሃን ሊኖረው ይገባል።

Curves ይህን ሁሉ የሚያነሳው ግን ከሥሩ የሚነሳ ነገር ሲኖር ነው። በስልክ ተነስቶ በቴሌግራም ተጨምቆ የመጣ ፎቶ ላይ ጥቁር ሊፕስቲክን ወደ ፈዛዛ ቡናማ ለማምጣት ከሞከሩ ከመስመሮቹ ይልቅ አራት ማዕዘን ቁርጥራጮችና ባለቀለም ብናኞች ይወጣሉ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመቀበል በፊት ዋናውን ፋይል ከአንሺው ማስላክ ነው፤ ቢቻል በሮው የተነሳውን።