ከፍታና ስፋት፦ ሊሚትና ኢንቴግራል ቦታ የሚለዋወጡት መቼ ነው?

f₁፣ f₂፣ f₃ እየተባሉ ያለማቋረጥ የሚቀጥሉ ፈንክሽኖች አሉ እንበል። n እያደገ በሄደ ቁጥር fₙ የተባለው ፈንክሽን f ወደተባለ አንድ ፈንክሽን ይጠጋል። የእያንዳንዱን ኢንቴግራል፣ ማለትም ከግራፉ ሥር ያለውን ስፋት፣ ብናሰላ የምናገኛቸው ቁጥሮችስ ከ f ግራፍ ሥር ወዳለው ስፋት ይጠጋሉ? ጥያቄው ሊሚትና ኢንቴግራል ቦታ ቢለዋወጡ መልሱ ይለወጣል ወይ የሚል ነው። ይህን ለመወሰን ለተማሪ መጀመሪያ የሚሰጠው መሣሪያ የወጥ መጠጋት ፈተና ነው። ፈንክሽኖቹ ወደ f በወጥነት ከተጠጉ ቦታ መለዋወጥ ይፈቀዳል። ይህ እውነት ነው፤ ማረጋገጫውም አጭር ነው። ብዙዎች ግን የትም ያልተጻፈ ሌላ ሕግ ይጨምሩበታል፦ መጠጋቱ ወጥ ካልሆነ መለዋወጥ አይቻልም ይላሉ። ይህ ሁለተኛው ሕግ ሐሰት ነው። ሐሰት የሆነበትም ምክንያት የወጥነት ፈተና የሚለካው ከፍታን ሲሆን ኢንቴግራል የሚመለከተው ስፋትን ስለሆነ ነው።

ሁለት ዓይነት መጠጋት አለ። በመጀመሪያው፣ x ን አንድ ቦታ ላይ አስቁመን n ን ብቻ እናሳድጋለን፤ fₙ(x) ወደ f(x) ከተጠጋና ይህም ለእያንዳንዱ x ከተፈጸመ፣ መጠጋቱ በነጥብ በነጥብ ነው ይባላል። በሁለተኛው ግን ሁሉም x በአንድ ጊዜ መጠጋት አለባቸው። በአንድ ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ሰዓት ፈተናውን ይጨርሳል ማለትና ይህ ደወል ሲደወል ሁሉም ጨርሰዋል ማለት አንድ አይደሉም፤ ተማሪዎቹ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከሆኑ ሁሉም አንድ ቀን ቢጨርሱም ለሁሉም የሚበቃ ደወል ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ይሠራል። መጀመሪያ በየነጥቡ ሊሚቱን f ን እናገኛለን። ቀጥሎ በ fₙ እና በ f መካከል ያለውን ልዩነት በክልሉ ሁሉ አይተን ትልቁን እንይዛለን፤ Mₙ እንበለው። n ሲያድግ Mₙ ወደ ዜሮ ከሄደ መጠጋቱ ወጥ ነው፤ ካልሄደ አይደለም። ክልሉ ከ a እስከ b ከሆነ፣ የሁለቱ ኢንቴግራሎች ልዩነት ቁመቱ Mₙ፣ ወርዱ b − a ከሆነ አራት ማዕዘን ስፋት ሊበልጥ አይችልም። ወርዱ አይለወጥም፤ ቁመቱ ወደ ዜሮ ከወረደ ስፋቱም አብሮ ይወርዳል። ወጥነት መለዋወጥን የሚፈቅደው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሌላ የተደበቀ ነገር የለበትም።

በሁለቱ የመጠጋት ዓይነቶች መካከል ያለው ልዩነት ለታላላቆቹም ወዲያው አልታየም። ኮሺ በ1821 ባሳተመው መጽሐፍ ያልተቋረጡ ፈንክሽኖች ተደምረው ድምራቸው ሊሚት ካለው ድምሩም ያልተቋረጠ ነው ብሎ ነበር። አቤል በ1826 ይህ የማይሠራበትን የሳይን ድምር አሳየ፤ እያንዳንዱ አባል ለስላሳ ሆኖ ሳለ ድምሩ በአንዳንድ ነጥቦች ላይ ይዘላል። ወጥ መጠጋትን ከተራው መጠጋት በግልጽ ለይቶ የትንተና ሒሳብ መሠረት ያደረገው በተለይ የዋየርሽትራስ ትምህርት ነው።

አሁን ሁሉንም በአንድ ቤተሰብ ላይ እንመርምር። ክልሉ ከ0 እስከ 1 ይሁን፤ ፈንክሽኑም fₙ(x) = nᵖ · x · (1 − x)ⁿ ይሁን፤ p እኛ የምንመርጠው፣ ከዜሮ ያላነሰ ቋሚ ቁጥር ነው። x = 0 ላይ ፈንክሽኑ ምንጊዜም ዜሮ ነው። x ከዜሮ ከበለጠ ደግሞ (1 − x)ⁿ የሚወርድበት ፍጥነት nᵖ ከሚያድግበት ፍጥነት ስለሚያይል እሴቱ ወደ ዜሮ ይሄዳል። ስለዚህ p ምንም ይሁን በየነጥቡ ሊሚቱ ዜሮ ነው፤ የሊሚቱ ኢንቴግራልም ዜሮ ነው። ግራፉ ግን አንድ ጉብታ አለው። ዴሪቫቲቩን ዜሮ ብናደርግ የጉብታው ጫፍ x = 1/(n + 1) ላይ ይገኛል፤ n ሲያድግ ጉብታው ወደ ግራ እየሸሸና እየጠበበ ይሄዳል። x · (1 − x)ⁿ ብቻውን ሲታይ የጫፉ ከፍታ በግምት 0.37 ለ n ሲካፈል የሚገኘው ነው፤ 0.37 የተባለው 1/e ነው። ኢንቴግራሉ ደግሞ በትክክል 1/((n + 1)(n + 2)) ነው። ልብ በሉ፦ ከፍታው የሚወርደው እንደ 1/n፣ ስፋቱ የሚወርደው እንደ 1/n² ነው። ጉብታው ቁመቱም ወርዱም ስለሚቀንስ ስፋቱ ከከፍታው ይፈጥናል።

p ዜሮ ሲሆን ከፍታውም ስፋቱም ወደ ዜሮ ይሄዳሉ፤ መጠጋቱ ወጥ ነው፤ ክርክር የለም። p ሁለት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። n = 9 ላይ ከፍታው 3.14፣ ስፋቱ 0.736 ነው፤ n = 99 ላይ ከፍታው 36.2፣ ስፋቱ 0.970 ነው። ስፋቱ ወደ 1 ይሄዳል፤ የሊሚቱ ስፋት ግን ዜሮ ነው። እዚህ ቦታ የለዋወጠ ሰው 1 ማለት ሲገባው 0 ይላል። ትምህርት ያለው ግን በመካከላቸው ነው። p አንድ ሲሆን n = 9 ላይ ከፍታው 0.349፣ n = 99 ላይ 0.366 ነው፤ ወደ 1/e ይጠጋል እንጂ ወደ ዜሮ አይሄድም። ፈተናው ወደቀ፤ መጠጋቱ ወጥ አይደለም። ስፋቱ ግን n = 9 ላይ 0.082፣ n = 99 ላይ 0.0098 ነው፤ ወደ ዜሮ ይሄዳል። ቦታ መለዋወጡ ትክክለኛውን መልስ ሰጠ። በጥቅሉ፣ ወጥነት የሚኖረው p ከ1 ሲያንስ ነው፤ መለዋወጥ የሚሠራው ግን p ከ2 እስካነሰ ድረስ ነው። ከ1 ጀምሮ 2 እስኪደርስ ያለው ሰፊ መስክ በሙሉ ፈተናው ወድቆም መለዋወጡ ትክክል የሆነበት ነው።

ይህን የሚሰማ ሰው መልሱን ያወቅነው ኢንቴግራሉን በቀጥታ ስላሰላነው ነው፤ ማስላት ካልተቻለ ወጥነት ብቻ ነው የሚቀረን ሊል ይችላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የጣሊያኑ ሊቅ አርዜላ በ1885 እንዳሳየው፣ ፈንክሽኖቹ ሁሉ በሪማን ትርጉም ኢንቴግራል ካላቸው፣ ሊሚታቸውም ካለው፣ ሁሉም ደግሞ ከአንድ ቋሚ ጣሪያ በላይ ካልወጡ፣ ወጥነት ሳያስፈልግ ቦታ መለዋወጥ ይቻላል። p = 1 ከዚህ ይገባል፤ ከ0.37 በላይ የሚወጣ የለምና። p = 3/2 ግን ከፍታው ያለ ገደብ ስለሚያድግ አይገባም። እዚያ የሚያገለግለው የሉቤግ ሐሳብ ነው፦ ጣሪያው የግድ ጠፍጣፋ መሆን አያስፈልገውም፤ ከሥሩ ያለው ስፋት ውሱን መሆኑ ይበቃል። (1 − x)ⁿ ከ e⁻ⁿˣ እንደማይበልጥ እናውቃለን። nx ን t ብለን ብንጠራው fₙ(x) ከ tᵖ · e⁻ᵗ · x¹⁻ᵖ አይበልጥም። p = 3/2 ሲሆን tᵖ · e⁻ᵗ ከ0.41 ስለማያልፍ፣ ለማንኛውም n ፈንክሽኑ ከ 0.41/√x በታች ነው። ይህ ጣሪያ ዜሮ አጠገብ ወደ ላይ ይተኮሳል፤ ነገር ግን 1/√x ከ0 እስከ 1 ያለው ስፋት 2 ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንቴግራሉን ሳናሰላ መለዋወጡ ተፈቀደ። p = 2 ሲሆን በዚሁ መንገድ የሚገኘው ጣሪያ የ1/x ዓይነት ነው፤ ስፋቱም ወሰን የለውም። መሣሪያው እምቢ የሚለው መልሱ በእርግጥ በሚበላሽበት በዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ለእኔ የዚህ ቤተሰብ ውበት እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ ወጥነትን ለምን እንማራለን? ሌሎቹ መሣሪያዎች የማይሰጡትን ሁለት ነገር ስለሚሰጥ ነው። አንደኛ፣ ስህተቱን በቁጥር ይነግረናል፦ Mₙ 0.001 ከሆነና ክልሉ ወርዱ 1 ከሆነ፣ የኢንቴግራሉ ስህተት ከ0.001 አይበልጥም። አርዜላም ሉቤግም አንድ ቀን ይጠጋል ይላሉ እንጂ መቼ እንደሆነ አይናገሩም። ሁለተኛ፣ ወጥነት የሊሚቱን ጤንነት ይጠብቃል። ፈንክሽኖቹ ያልተቋረጡ ከሆኑ ሊሚቱም ያልተቋረጠ ይሆናል፤ በሪማን ትርጉም ኢንቴግራል ካላቸውም ሊሚቱ ይኖረዋል። ያለ ወጥነት ይህ ሊጠፋ ይችላል። በ0 እና በ1 መካከል ያሉ ክፍልፋይ ቁጥሮችን በተራ ቆጥረን፣ fₙ በመጀመሪያዎቹ n ላይ 1፣ በሌላው ሁሉ 0 ይሁን ብንል፣ የእያንዳንዱ ኢንቴግራል ዜሮ ነው፤ ሊሚቱ ግን በሪማን ትርጉም ኢንቴግራል እንኳ የለውም።

በተግባር ፈተናው የሚበላሽበትን ቦታም ማወቅ ያስፈልጋል። ሊሚቱ ያልተቋረጠ ስለሆነ መጠጋቱ ወጥ ነው ብሎ መደምደም ትልቁ ስህተት ነው፤ የእኛ ሊሚት ዜሮ ነው፣ ከዚያ በላይ ለስላሳ ፈንክሽን የለም፣ ሆኖም p = 1 ላይ ወጥነት የለም። የተገላቢጦሹ ግን ይሠራል፦ ያልተቋረጡ ፈንክሽኖች የተቋረጠ ሊሚት ከሰጡ ወጥነት እንደሌለ ወዲያው ይታወቃል። በኮምፒውተር ግራፍ መፈተንም ያታልላል። p = 2 ይዘን፣ x ን በ0.01 ርቀት እየተራመድን፣ n = 2000 ላይ ብናሰላ በመረጥናቸው ነጥቦች ሁሉ እሴቱ ከ0.0001 ያንሳል፤ ሁሉም ዜሮ የሆነ ይመስላል። እውነተኛው ኢንቴግራል ግን 0.9985 ያህል ነው። ጉብታው በ0 እና በ0.01 መካከል ስላለ ነጥቦቻችን ሳያዩት ያልፋሉ። መድኃኒቱ ከ n ጋር የሚንቀሳቀስ ነጥብ መምረጥ ነው፦ p = 1 ላይ x = 1/n ብንተካ fₙ(1/n) = (1 − 1/n)ⁿ ሆኖ ወደ 1/e ይሄዳል፤ ያለ ዴሪቫቲቭ ወጥነት እንደሌለ ተረጋገጠ።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ወጥነት ቦታ መለዋወጥን ይፈቅዳል ያልነው ክልሉ ውሱን በመሆኑ ላይ የቆመ ነው። fₙ ከ0 እስከ n ድረስ 1/n፣ ከዚያ ወዲያ ዜሮ ቢሆን፣ Mₙ 1/n ስለሆነ መጠጋቱ ያለ ጥርጥር ወጥ ነው፤ ኢንቴግራሉ ግን ምንጊዜም 1 ነው፣ የሊሚቱ ደግሞ 0። ወሰን በሌለው ክልል ላይ ወጥነት ብቻውን ቦታ ለመለዋወጥ አይበቃም።