የጉዞ ፊልም ርእስና መግለጫ፤ የቦታ ስም፣ የመንገድና የወቅት አጻጻፍ

በዩቱብ የሚወጣ የጉዞ ፊልም በፈላጊው ፊት የሚቀርበው በአብዛኛው ከሥዕሉ ጋራ በተጻፈው ርእስና መግለጫ መሪነት ነው። መንገደኛን የሚያስተናግድ ወይም ድንኳንና ስንቅ የሚያቀርብ ነጋዴ «ድንቅ ጉዞ በውቢቱ ኢትዮጵያ» ብሎ ቢጽፍ፣ በዚህ አነጋገር የሚፈልግ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ፈላጊው የሚጽፈው የሚኼድበትን ቦታ ስም ነው።

ለምሳሌ በጎንደር ያለ አንድ አስጎብኚ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በስሜን ተራራ የተነሣ የ3 ቀን የእግር ጉዞ ፊልም አለው እንበል። ርእሱን «ስሜን ተራራ በእግር 3 ቀን፤ ከሳንቃበር እስከ ጨነቅ፣ ጥቅምት 2010» ቢለው መልካም ነው። ርእስ ከ100 ፊደል አይበልጥም፤ በስልክ መስኮትም ጫፉ ስለሚቆረጥ የቦታው ስም በመጀመሪያ ይግባ። ነገር ግን «ሰሜን» ተብሎ ከተጻፈ ከአቅጣጫው ስም ጋራ ይደባለቃል። ስለዚህ አንዱ አጻጻፍ በርእሱ፣ ሌላው እንዲሁም Simien እና Semien በመግለጫው ውስጥ ይግቡ። ታግ የሚባለው መለያ ቃል ግን በዋናነት የሚጠቅመው ስሙ ብዙ ጊዜ ተሳስቶ የሚጻፍ ሲኾን ነው።

በመግለጫው ውስጥ የጉዞው ቅደም ተከተል ከነደቂቃው ይዘርዘር፦

```
0:00 ደባርቅ፣ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት
4:10 ሳንቃበር
11:35 ግጭ
19:20 ጨነቅ፣ ዋልያ
```

ዝርዝሩ ከ0:00 ካልዠመረ፣ ከ3 ክፍል ካነሰ ወይም አንዱ ክፍል ከ10 ሴኮንድ ካጠረ ፊልሙ በምዕራፍ አይከፈልም። በትክክል ሲጻፍ ግን ስለ ጨነቅ ብቻ ማወቅ የሚሻ ሰው በቀጥታ ወደዚያው ይደርሳል።

ብዙ ስሕተት የሚገኘው በወቅቱ ላይ ነው። ክረምት የሚለውን ቃል winter ብለው የሚተረጕሙ አሉ። የአውሮፓ ሰው ይህን ሲያነብ ታኅሣሥና ጥርን ያስባል፤ እነዚህ ወራት በስሜን ደረቅና ብርዳም የበጋ ወራት ናቸው። summer ተብሎ ቢጻፍለትም ፀሓይ ያለበትን ጊዜ ጠብቆ በሐምሌ ይመጣል፤ የሚያገኘው ጭጋግና ጭቃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ እንግዳ ገንዘቡ እንዲመለስለት ቢጠይቅ አያስደንቅም። ወቅቱን ከመተርጐም ይልቅ ወሩን መጻፍ፣ «ከዝናብ በኋላ፣ ሣሩ ሳይደርቅ» የሚል ቃልም መጨመር ይሻላል።

ዓመቱም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍ። 2010 ብቻ ከተባለ የውጭ አንባቢ ፊልሙን በ7 ዓመት ያስረጀዋል፤ October 2017 የሚለው አብሮ ሲኖር አይሳሳትም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ማለት ከAugust 2023 ዠምሮ ውጊያ ስለ ደረሰ፣ ከዚያ በፊት የተነሣ ፊልም ቀኑ ሳይገለጽ ቢቀርብ መንገዱ ዛሬም እንደዚያው ነው ብሎ የሚነሣ እንግዳ ይኖራል። በመግለጫው የመጀመሪያ መሥመር ላይ የተነሣበት ወርና ዓመት ቢቀመጥ፣ እንግዳው ሙሉውን ሳይከፍት ያየዋል፤ ከመነሣቱም በፊት ስለ መንገዱ ይጠይቃል።