ቀኑ የተሳሳተ የሳተላይት ምስል እንዴት ይታወቃል?

የጥፋት ወይም የአዲስ ግንባታ ማስረጃ ተብሎ የሚቀርብ የሳተላይት ምስል ሲመረመር በመጀመሪያ የሚጣራው በእርግጥ በተባለው ቀን የተነሣ መሆኑ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌን ምስል በአዲስ ቀን ማቅረብ ምንም ዓይነት የእጅ ሙያ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2019 የሕንድ ጦር አውሮፕላኖች በፓኪስታን ባላኮት አካባቢ የታጣቂዎች ማሠልጠኛ ያሉትን ሥፍራ ከደበደቡ በኋላ፣ አንዱ የፌብሩዋሪ 23 ሌላው የ26 ናቸው የተባሉ ሁለት ምስሎች «ከጥቃቱ በፊት» እና «ከጥቃቱ በኋላ» በሚል ተሠራጩ። ሲጣራ ግን ከምስሎቹ አንዱ ዙም ኧርዝ በተባለ የካርታ ድረ ገጽ ላይ ቀድሞም የነበረና ከጥቃቱ ጋር ግንኙነት የሌለው አሮጌ ምስል ሆኖ ተገኘ።

እንዲህ ያለውን ስሕተት ከምስሉ ውስጥ ለማየት የሚረዳው ጥላ ነው። በባላኮት ኬክሮስ፣ ማለትም ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 34 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ፀሐይ በቀትር ከአድማሱ 47 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትወጣ የአንድ ቤት ጥላ ከቤቱ ቁመት ጋር ይቀራረባል፤ በጁን ግን ጥላው ወደ አንድ አምስተኛ ያጥራል። ስለዚህ በሦስት ቀን ልዩነት ተነሡ በተባሉ ምስሎች ላይ ጥላው በእጅጉ ከተለያየ በመጀመሪያ ሰዓቱን ማጣራት፣ ሰዓቱ ካልገለጸው ደግሞ ቀኑን መጠራጠር ይገባል።

በባላኮቱ ጉዳይ ላይ ጥርት ያለ ብርሃን የፈነጠቀው ፕላኔት ላብስ የተባለው ኩባንያ ማርች 4 ቀን ያነሣው ምስል ነው። በዚህ ምስል እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚገነባው ትንሹ ነጥብ፣ 72 ሳንቲ ሜትር መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ ቢያንስ ስድስት ሕንፃዎች ከኤፕሪል 2018ቱ ምስል ብዙም ሳይለወጡ ቆመው ታይተዋል። ይህ ግን ሕንፃዎቹ አለመፍረሳቸውን እንጂ ከአንድ ፒክስል የሚያንስ ቀዳዳ በጣሪያቸው ላይ አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ ሕንድም የተጠቀመችው ጣሪያ በስተው የሚገቡ ቦምቦችን ነው ተብሎ ስለነበር ይህ ገደብ ቀላል አይደለም።

ከተሳሳተ ቀን ሌላ የሚጣራው የተቀዳ መሬት ነው፤ ይህም አንድ የምስሉ ክፍል ተቀድቶ ሌላ ቦታ ላይ ሲለጠፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮይተርስ ያሠራጨውና በኋላ ከሥርጭት ያስወጣው የቤይሩት ፎቶግራፍ፣ ከሳተላይት የተነሣ ባይሆንም፣ የጭስ ክብ ቅርጾች ተራ በተራ ተደጋግመው በመታየታቸው ተነቃ። ከላይ በተነሣ ምስል ላይም የሚፈለገው ያው ድግግሞሽ ነው፤ አንድ ዛፍ ከነጥላውና ከጎኑ ካለው ድንጋይ ጋር ሁለት ጊዜ ከተገኘ የተፈጥሮ አጋጣሚ ነው ማለት ያስቸግራል። በአንጻሩ የካርታ ድረ ገጾች በተለያየ ቀን የተነሡ ምስሎችን ስለሚያገጣጥሙ በመሃል ድንገተኛ የቀለም ወይም የጥላ ለውጥ ይታያል፤ ይህ በራሱ የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ያለው መሬት አይደጋገምምና።